የጠቅላላ ጉባኤ ቃለ ጉባኤ፦ የውክልናዎች ምርመራና የድምፅ አሰጣጥ

የብሎክ 14 እና 15 የቤት ባለቤቶች ማኅበር
አዲስ አበባ፣ ቦሌ ክፍለ ከተማ፣ 40/60 ሳይት
ዕለት፦ እሑድ፣ ጥቅምት 16 ቀን 2018 ዓ.ም.
ቦታ፦ በሁለቱ ብሎኮች መካከል በተተከለው የእድር ድንኳን

ይህ ቃለ ጉባኤ በየመግቢያው ስለሚለጠፍ አባላትና ተወካዮች የተጠቀሱት በቤት ቁጥር ብቻ ነው። ሙሉ ስምና ፊርማ በአባሪው መዝገብ ይገኛል፤ መዝገቡን ማየት የሚፈልግ አባል ጸሐፊው ባሉበት ማየት ይችላል።

1. አከፋፈትና ምልዓተ ጉባኤ

ጉባኤው የተጠራው ለጠዋቱ 3:00 ሰዓት ነበር፤ የተከፈተው 3:55 ላይ ነው። ግማሹ መዘግየት ከቅዳሴ የሚመለሱትን ለመጠበቅ ሲሆን፣ ግማሹ ደግሞ በመግቢያው ጠረጴዛ ላይ ስለ ውክልና በተነሳ ክርክር ነው።

ማኅበሩ 96 ቤቶች አሉት፤ አንድ ቤት አንድ ድምፅ ነው። ምልዓተ ጉባኤ የሚሞላው ከግማሽ በላይ፣ ማለትም 49 ቤት ሲወከል ነው። በአካል የተገኙት 41 ባለቤቶች ናቸው። ስለዚህ ጉባኤው መካሄድ መቻሉ በውክልናዎቹ ትክክለኛነት ላይ የወደቀ ነበር። የሐምሌው ጥሪ በ44 ሰው ተበትኖ ሊፍቱ ለሦስት ወር ቆሞ መክረሙን ሁሉም ያውቃል። ሰብሳቢዋ በዚህ ምክንያት የውክልና መርማሪዎቹ ሪፖርት ከማንኛውም አጀንዳ በፊት እንዲሰማ አድርገዋል።

2. የመርማሪዎች ሪፖርት

ምርመራውን ያካሄዱት የማኅበሩ ጸሐፊ፣ ከቁጥጥር ኮሚቴ አንድ አባል እና በዕጣ የወጡት የ14/303 ባለቤት (በሙያቸው ጠበቃ) ናቸው። ሦስቱም የማንንም ውክልና አልያዙም። በመተዳደሪያ ደንቡ መሠረት ውክልና ማስረከቢያው የመጨረሻ ሰዓት ሐሙስ ጥቅምት 13 ቀን ከቀኑ 11:00 ሰዓት ሲሆን፣ ይህም ጥቅምት 1 ቀን በተለጠፈው የስብሰባ ጥሪ ላይ ተጽፎ ነበር።

በጠቅላላው 23 ውክልናዎች ቀርበዋል። ከእነዚህ 14ቱ በማኅበሩ ቅጽ የተሞሉ፣ 6ቱ በሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ የጸደቁ፣ 3ቱ ደግሞ በውጭ አገር በኤምባሲ ወይም በቆንስላ የተሰጡ ናቸው።

በማኅበሩ ቅጽ የቀረቡት እንዲህ ተመርምረዋል። በመጀመሪያ የወካዩ ስም በአባላት መዝገብ ካለው የባለቤትነት ሰነድ ኮፒ ጋር ተመሳከረ። ቀጥሎ ፊርማው በአባልነት ፎርሙ ላይ ካለው ፊርማ ጋር ጎን ለጎን ታየ። የተወካዩ መታወቂያ፣ የፋይዳ ወይም የቀበሌ፣ በአካል ታይቶ ቁጥሩ ተመዘገበ። በመጨረሻም ወካዩ በአባላት መዝገብ ባለው ስልክ ተደወለላቸው። ቅጹ ላይ በተጻፈው ስልክ አለመደወሉ ሆን ተብሎ ነው፤ ቅጹን የሞላው ሰው የራሱን ስልክ ሊጽፍበት ይችላልና። ከ14ቱ 11ዱ በስልክ ተገኝተዋል። ያልተገኙት የሦስቱ ፊርማ ግን ያለ ጥርጥር የሚመሳሰል ስለነበር በዚያው ታልፏል።

በሰነዶች ማረጋገጫ የጸደቁት ዋናቸው ታይቶ፣ ኮፒው ከዋናው ጋር ተገናዝቦ፣ የምዝገባ ቁጥሩና ቀኑ በመዝገብ ሰፍሯል። ከውጭ የመጡት በተጨማሪ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር መረጋገጣቸው ታይቷል።

3. ተቀባይነት ያላገኙ ውክልናዎች

አምስት ውክልናዎች ውድቅ ሆነዋል፤ አንዱ ደግሞ ተሽሯል።

15/304፦ ቅጹን ያመጡት የቤቱ ተከራይ ናቸው። ፊርማው ከመዝገቡ ጋር አልገጠመም። ባለቤቷ በስልክ ሲጠየቁ «ስብሰባውን ሂድና ስማልኝ ብዬዋለሁ፤ እኔ ግን የፈረምኩት ወረቀት የለም» ብለዋል። ተከራዩ በራሳቸው እጅ መፈረማቸውን አልካዱም፤ ክፋት እንዳልነበረበት መርማሪዎቹ አምነዋል። ያለ ድምፅ በታዛቢነት እንዲቀመጡ ተፈቅዶላቸዋል።

14/502፦ ቤቱ በባልና ሚስት ስም የተመዘገበ ነው። ቅጹ ላይ የፈረሙት ባል ብቻ ናቸው፤ ደንቡ ደግሞ የጋራ ባለቤቶች ለሌላ ሰው ሲወክሉ ሁለቱም እንዲፈርሙ ይጠይቃል። ተወካዩ ወንድም ቅሬታቸው በቃለ ጉባኤ ይያዝልኝ ብለዋል፤ ተይዟል።

15/405፦ ተወካዩ አስቀድመው ሦስት ውክልና ይዘው ነበር። አንድ ሰው ከሦስት በላይ መያዝ ስለማይችል በቀን የኋለኛው የሆነው ቀርቷል።

14/601፦ ከዱባይ የተሰጠ ሲሆን የቀረበው ቅዳሜ ማታ በቴሌግራም በተላከ ፎቶ ብቻ ነው። ዋናው ገና በመንገድ ላይ ነበር፤ ሰዓቱም አልፏል።

15/110፦ ይህ ከሁሉም የከበደ ጉዳይ ነበር። ልጃቸው ያቀረቡት ውክልና በ2014 ዓ.ም. በሰነዶች ማረጋገጫ የጸደቀ፣ ማኅተሙም ቁጥሩም እንከን የሌለበት ነው። ነገር ግን አባት ባለፈው ነሐሴ አርፈዋል፤ ማኅበሩም በድንኳኑ ተገኝቶ አስተዛዝኗል። ልጃቸው «አባቴ በሕይወት እያለ ሰጥቶኛል፤ ማን ይሽረዋል?» ብለው ጠይቀዋል። ሰብሳቢዋም «ልጄ፣ ማንም አልሻረብህም፤ ሞት ነው የሻረው። ቤቱ የእናንተ ነው፤ ወራሽነታችሁን ከፍርድ ቤት አውጥታችሁ ስትመጡ ድምፁ በራሳችሁ ስም ይሆናል» ሲሉ መልሰዋል። ጠበቃው በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2232 መሠረት ተቃራኒ ስምምነት ከሌለ በቀር ውክልና በወካዩ ሞት እንደሚቀር አስረድተዋል፤ በሰነዱም ላይ እንዲህ ያለ ስምምነት አልተገኘም።

14/208፦ ባለቤቷ ለእህታቸው ወክለው የነበረ ቢሆንም ራሳቸው መጥተዋል። ቅጹ ላይ «ተሽሯል» ተብሎ ተጽፎ በፊርማቸው ተረጋግጧል። የተቆጠሩት በአካል ከተገኙት 41 መካከል ነው፤ ሁለት ጊዜ አልተቆጠሩም።

በዚህም 17 ውክልናዎች ጸድቀዋል፦ 10 በማኅበሩ ቅጽ፣ 5 በሰነዶች ማረጋገጫ፣ 2 ከውጭ። የያዟቸው 12 ሰዎች ሲሆኑ አንዱ ሦስት፣ ሦስቱ ሁለት ሁለት፣ ስምንቱ አንድ አንድ ይዘዋል። የተወከሉት ቤቶች 41 እና 17፣ በድምሩ 58 በመሆናቸው ምልዓተ ጉባኤ መሙላቱ 4:05 ላይ ተነግሯል።

4. ስለ ጠቅላላ ውክልና የተሰጠ ውሳኔ

ከጸደቁት ውስጥ ሦስቱ (14/705፣ 15/201 እና 15/906) «ቤቴን እንዲያስተዳድርልኝ» የሚሉ ጠቅላላ ውክልናዎች ናቸው፤ ስብሰባንም ድምፅንም በስም አይጠቅሱም። እነዚህ በየትኛው አጀንዳ ድምፅ ይሰጣሉ የሚለው አከራክሯል። ጠበቃው እንዳብራሩት በቁጥር 2203 በጥቅል ቃል የተሰጠ ውክልና ለአስተዳደር ሥራ ብቻ ይበቃል። ንብረት መጠበቅና መጠገን፣ ከሦስት ዓመት ላልበለጠ ጊዜ ማከራየት በቁጥር 2204 የአስተዳደር ሥራ ናቸው። ስለዚህ ሦስቱ ለምልዓተ ጉባኤው፣ ለሪፖርቱና ለሊፍት ጥገናው ይቆጠሩ፤ የጋራ ክፍሉን ለአምስት ዓመት በማከራየቱ ጉዳይ ግን ድምፅ አይስጡ የሚል ሐሳብ ቀርቦ ያለ ተቃውሞ ተወስኗል። ውሳኔው የተሰጠው ድምፅ ከመሰጠቱ በፊት፣ ማን ወዴት እንደሚያዘነብል ሳይታወቅ መሆኑ እንዲመዘገብ ተጠይቋል።

5. ድምፅ አሰጣጥ

በአካል ለተገኙት ነጭ፣ ለተወካዮች ቢጫ ካርድ ታድሏል፤ በእያንዳንዱ ካርድ ላይ የቤት ቁጥር ተጽፏል። ሁለት ውክልና የያዘ ሁለት ቢጫ አለው። (ይህም «ሁለት ቢጫ ካየሁ ልውጣ ወይ?» ላሉት ተወካይ ሳቅ ፈጥሯል።) ቆጣሪዎቹ ቢጫ ካርዶችን አንድ በአንድ እየጠሩ ከቅጾቹ ጋር አመሳክረዋል፤ ከ17ቱ በ9ኙ ላይ ወካዩ «ደግፍልኝ» ወይም «ተቃወምልኝ» ብለው ለየአጀንዳው ጽፈው ነበርና።

የ2017 ዓ.ም. የሥራና የሒሳብ ሪፖርት በ58ቱም ድምፅ ጸድቋል።

የሊፍት ጥገና ልዩ መዋጮ፣ በቤት 18,500 ብር (በድምሩ 1,776,000 ብር)፦ ከተወከሉት ድምፆች ሁለት ሦስተኛ፣ ማለትም 39 ድጋፍ ያስፈልገዋል። የመጀመሪያው ቆጠራ 41 ድጋፍ፣ 14 ተቃውሞ፣ 3 ድምፀ ተአቅቦ ነበር። ይፋ ከመሆኑ በፊት ግን የ15/702 ቢጫ ካርድ በድጋፍ ተነስቶ ሳለ ቅጹ ላይ «ተቃወምልኝ» የሚል መመሪያ መኖሩ ታይቷል። ተወካዩ «እኔ ራሴ የምደግፈው ስለሆነ እጄ ቀደመኝ» ብለው አስተካክለዋል። የመጨረሻው ውጤት፦

በአካል፦ 27 ድጋፍ፣ 11 ተቃውሞ፣ 3 ድምፀ ተአቅቦ
በውክልና፦ 13 ድጋፍ፣ 4 ተቃውሞ
ድምር፦ 40 ድጋፍ፣ 15 ተቃውሞ፣ 3 ድምፀ ተአቅቦ

መዋጮው በአንድ ትርፍ ድምፅ አልፏል። የ14/103 ባለቤት፣ ቤታቸው አንደኛ ፎቅ ያለ፣ «እዚህ የተቀመጥነው ብቻ ብንቆጠር 28 ያስፈልግ ነበር፤ 27 ነው የተገኘው። ሊፍት ያስከፈለን እዚህ የሌለ ሰው ነው» በማለት ተቃውሟቸውን አስመዝግበዋል። ስሌቱ ትክክል ነው። ሰብሳቢዋ ውክልና ካልተቆጠረ ጉባኤው ራሱ እንደማይሞላ፣ በደንቡም የተወከለ እንደተገኘ እንደሚቆጠር መልሰዋል። ቢጫ ካርዶቹ በተቃዋሚዎቹ ጥያቄ በድጋሚ ተቆጥረው ያው ሆነዋል።

የብሎክ 15 ምድር ቤት የጋራ ክፍል ለአምስት ዓመት ለሱቅ ይከራይ የሚለው፦ ሦስቱ ጠቅላላ ውክልናዎች ስለማይሳተፉ ድምፅ የሚሰጡት 55 ሲሆኑ የሚያስፈልገው 28 ነው።

በአካል፦ 22 ድጋፍ፣ 17 ተቃውሞ፣ 2 ድምፀ ተአቅቦ
በውክልና፦ 4 ድጋፍ፣ 10 ተቃውሞ
ድምር፦ 26 ድጋፍ፣ 27 ተቃውሞ፣ 2 ድምፀ ተአቅቦ

ሐሳቡ ወድቋል። ሦስቱ ተወካዮች እንደግፍ ነበር ማለታቸው ተመዝግቧል፤ ቢቆጠሩ ድጋፉ 29 ይሆን የነበረ ሲሆን ከ58 ግን 30 ያስፈልግ ስለነበር ውጤቱ አይለወጥም።

በቁጥጥር ኮሚቴ ክፍት የነበረው ቦታ ተፎካካሪ ስላልቀረበ በጭብጨባ ተሞልቷል።

6. የሰነዶች አያያዝ

23ቱም ውክልናዎች፣ ውድቅ የሆኑትም ጭምር፣ ከምርመራ መዝገቡና ከቢጫ ካርዶቹ ጋር በአንድ ፖስታ ታሽገው በፖስታው ላይ ሦስቱ መርማሪዎች ፈርመዋል። ዋና ሰነዶች ኮፒ እየቀረ ለባለቤቶቻቸው ተመልሰዋል። ውክልናቸው ውድቅ የሆነባቸው አባላት እስከ ጥቅምት 30 ቀን 2018 ዓ.ም. ለቁጥጥር ኮሚቴ በጽሑፍ ማመልከት ይችላሉ፤ ፖስታው እስከዚያ ቀን አይከፈትም።

ጉባኤው 6:40 ላይ ተጠናቋል። ቃለ ጉባኤው በዚያው ለተሰብሳቢዎች ተነብቦ፣ በ14/502 ቅሬታ ላይ አንድ ቃል ተስተካክሎ፣ በሰብሳቢዋ፣ በጸሐፊውና በሁለቱ ቆጣሪዎች ተፈርሟል፤ የማኅበሩም ማኅተም አርፎበታል።