ስለ ቡዳ በሩ ቤት፦ ውሉ ከመፈረሙ በፊት

ራሔል፣ እንደምን ዋልሽ? ቢሮ ስለገባሽ እንኳን ደስ አለሽ። «አንቺ» ስልሽ ቅር እንዳይልሽ፣ ድሬ ተወልዶ አንቱታ የሚያበዛ ሰው የለም።

ዛሬ ጠዋት «በተስማማነው መሠረት ውሉን አዘጋጅቻለሁ፣ መጥተው ይፈርሙ» ብለሽ የላክሽውን አየሁት። በሐረሩ ቤት ጥገና ውል ላይ ያለው 214,000 ብር ግን የተስማማንበት አይደለም። አንቺ ጥፋት የለብሽም። በቢሮው ስልክ ላይ የምታይው የንግግራችንን ጭራ ነው። አብዛኛውን ያወራነው ካንቺ በፊት ሥራውን ይዞት በነበረው በሄኖክ በራሱ ስልክ፣ ከዚያ ደግሞ ሐረር ቤቱ ውስጥ ቁጭ ብለን ከኢንጂነር ጌታቸው ጋር ነው። ሄኖክ አዲስ አበባ ሲሄድ ስልኩም አብሮት ሄደ። ስለዚህ ከመጀመሪያው ልንገርሽ፤ ትንሽ ይረዝማል፣ ቡና ይዘሽ አንብቢው።

መጀመሪያ ያቺን «እሺ ይሁን» የምትለውን። ሐሙስ ጥር 14 ማታ ሄኖክ ሁለተኛውን ዋጋ፣ ቆርቆሮና ሲሚንቶ የገባበትን ይሄንኑ 214,000፣ በቴሌግራም ላከ፤ ከሥሩ «እሺ ይሁን» የሚል የኔ መልስ አለ። ለሚያነበው ሰው ዋጋውን የተቀበልኩ ይመስላል። በሁለቱ መካከል ግን ስልክ ደውዬለት ነበር። ቆርቆሮውም ሲሚንቶውም ይውጣ፣ የመጀመሪያው ዋጋ ላይ የውሃ መውረጃው ብቻ ይጨመር ተባብለን፣ እሱም «አስተካክዬ ቅዳሜ እልካለሁ» አለኝ። «እሺ ይሁን» ያልኩት ለዚህ ነው። ቅዳሜ የተስተካከለው አልመጣም፤ እሱም በዚያው ሰሞን ሥራ ለቀቀ።

ሂሳቡ እንዲህ ነው፦ የመጀመሪያው ዋጋ 142,000፣ ለውሃ መውረጃው 14,500፣ በድምሩ 156,500 ብር። ከዚህ ላይ 40,000 ቅድሚያ ከፍያለሁ። ቀሪው 116,500 ነው። የባንኩን ደረሰኝ ፎቶ ከዚህ መልእክት ቀጥሎ እልክልሻለሁ። አንቺ ባዘጋጀሽው ውል ላይ ቅድሚያ ክፍያው ጭራሽ አልተጻፈም፣ እሱንም አስገቢው።

አሁን ስለ ሥራው። ቤቱ የባለቤቴ የረምዚ እናት የእማማ ኑሪያ ነው፣ ጀጎል ውስጥ፣ ከቡዳ በር ገባ ብሎ። ሄኖክ በጻፋቸው ላይ «ያ ግድግዳ» እየተባለ የሚነሳው መንገዱን የሚያዋስነው የግቢው ግድግዳ ነው፤ የቤቱ የውስጥ ግድግዳ እንዳይመስልሽ። ድንጋዩ በጭቃ የተያያዘ፣ የድሮ ነው። ከዓመታት በፊት አንድ ግንበኛ «ላጠንክርላችሁ» ብሎ ከታች እስከ ደረት ድረስ ሲሚንቶ ለስኖት ሄደ። ኢንጂነሩ በጣታቸው መታ መታ እያደረጉ ሲሄዱ ድምፁ ባዶ ቆርቆሮ ነበር። ልስኑ ከድንጋዩ ተላቋል፣ ቆሞ ያለው በራሱ ነው።

ለምን እንደሆነ ያስረዱኝን በራሴ አነጋገር ልንገርሽ፣ ምክንያቱም ሁለተኛውን ዋጋ ያዘጋጀው ሰው ይሄን አልሰማም። ድንጋይና ጭቃ ከመሬት ውሃ ይስባል፤ ኖራ ሲቀባ እርጥበቱ በኖራው ውስጥ አልፎ ይተናል። ሲሚንቶ ግን መውጫውን ይዘጋበታል። ውሃው ከኋላው ተጠራቅሞ ጭቃውን ያሟሟዋል፣ ወደ ላይም እየወጣ ሲሚንቶው ያለቀበትን ፈልጎ ይወጣል። ደረት ላይ፣ ልስኑ ካቆመበት መስመር በላይ፣ ነጭ ጨው አብቦ የምታይው እሱ ነው። ስለዚህ «በአዲስ ሲሚንቶ መለሰን» የሚለው የሁለተኛው ዋጋ ሐሳብ በሽታውን በገንዘብ መግዛት ነው።

ሌላው ደግሞ መንገዱ። ድንጋይ ሲነጠፍ ከፍ ብሏል፣ ድሮ ወደ ታች ይወርድ የነበረው ዝናብ አሁን የግድግዳው እግር ላይ ይተኛል። ኢንጂነሩ አጥብቀው ያሉት ይሄን ነው፦ ውሃው መንገድ ሳይበጅለት ኖራ የሚነካ የለም። 14,500ው ለዚህ ነው። መውረጃው ከግቢያችን በኩል እንጂ ከመንገዱ በኩል አይቆፈርም፣ መንገዱ የኛ አይደለምና። ቅደም ተከተሉን ውሉ ላይ በግልጽ ጻፊው፦ መውረጃ፣ ከዚያ ሲሚንቶውን ማንሳት፣ ከዚያ ግድግዳው ተራቁቶ እንዲደርቅ መተው፣ ከዚያ ኖራ። ሠራተኛ ቸኩሎ መጨረሻውን መጀመሪያ እንዳያደርገው።

ሲሚንቶው ሲነሳ በመዶሻ ብቻ፣ በቀስታ፣ ከአንድ ጥግ ተጀምሮ። ድንጋዩ አብሮ ከመጣ ይቆም ተብሏል።

የኖራው ነገር አልገባኝም። ሄኖክ «ኖራው ተዘጋጅቷል» ብሎኛል። ተገዝቷል ማለቱ ይሁን ተነክሮ ተቀምጧል ማለቱ አላውቅም። ልዩነቱ ትልቅ ነው፣ በደንብ ያልበረደ ኖራ ግድግዳ ላይ ከወጣ በኋላ እየፈነዳ ይረግፋል። እባክሽ ደውለሽ ጠይቂው፤ መቼ እንደተነከረና የት እንዳለ። ካልተነከረ ዛሬ ነገ ሳይባል ይነከር።

ጣሪያውን በተመለከተ፣ ቆርቆሮ የለም። ጠፍጣፋው የአፈር ጣሪያ እንዳለ ይቀጥላል፤ የተሰነጠቀው ይጠገናል፣ አሸንዳው ይጸዳል፣ በቃ። እማማ ኑሪያ ቆርቆሮ ሲባል የሚሰጡት መልስ እዚህ አይጻፍም። እኔም ከሳቸው ጋር ነኝ፣ ግን ከስሜቱ ውጭ ሌላ ጉዳይም አለ። ጀጎል ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ያለ ከተማ ነው፣ እንደፈለግን የምናፈርሰውና የምንቀይረው አይደለም። ለቅርስ ጥበቃ ያስገባነው የፈቃድ ማመልከቻ ላይም «በኖራ ጥገና» ነው የሚለው። ውሉ ሌላ፣ ፈቃዱ ሌላ ከሆነ ተያይዘን እንጠየቃለን። የማመልከቻው ኮፒ ሄኖክ ጠረጴዛ ላይ፣ ሰማያዊ ፋይል ውስጥ ነበር፤ ፈልጊውና ውሉን ከሱ ጋር አስተያዪው።

አንድ ያልተቋጨ ነገር አለ፣ እንደተቋጨ አድርገሽ እንዳትጽፊው። ከትልቁ ክፍል በላይ ካሉት የጥድ ግንዶች አንዱን ጫፉ ላይ ምስጥ በልቶታል። እኔ ኢንጂነሩ «የተበላው ጫፍ ብቻ ተቆርጦ በሌላ ጥድ ይቀጠል» ሲሉ ነው የሰማሁት። አናጺው ግን «ሙሉ በሙሉ ይውጣ፣ ባህር ዛፍ ይግባ» ተባልኩ ይላል። ማን ምን እንደሰማ እዚህ ቁጭ ብለን አንጨርሰውም። ኢንጂነሩ ጅግጅጋ ናቸው፣ ማታ ማታ ኔትወርክ ያገኛሉ፤ ከራሳቸው ስሚ። እስከዚያ ግንዱን ማንም በመጋዝ እንዳይነካ። እንዲያውም ከላይ የነገርኩሽንም ሁሉ የኔን ቃል ብቻ ይዘሽ አትሂጂ፣ ይሄን መልእክት ለሳቸው አስተላልፊና «ልክ ነው» ያሉትን ውሉ ላይ አስገቢ።

ውስጡ ላይ የሚሠራ ሥራ የለም። ነደባ የምንላቸው የመቀመጫ መደቦች፣ በግድግዳው ውስጥ ያሉት መደርደሪያዎች፣ ወለሉ፣ አንዱም አይነካም። ቀለም ቀቢው ነደባውን በቀይ የዘይት ቀለም ልቀባው ብሎ ነበር፤ ቀዩን አፈር እማማ ኑሪያ ራሳቸው ከጎረቤት ሴቶች ጋር ይቀባሉ፣ እንደ ወትሮው። የሰፌዶቹንና የሙዳዮቹን ነገር ደግሞ ረምዚ ያወርዳቸዋል፣ ሠራተኛ እንዳይነካቸው።

ስለ ጊዜው፣ ለምን እንደምቸኩል እንድታውቂው ነው። ረመዳን የካቲት 11 ወይም 12 አካባቢ ይገባል። ሠራተኞቹ ጾመኞች ናቸው፣ ከዚያ በኋላ ከጠዋት እስከ እኩለ ቀን እንጂ ሙሉ ቀን አይሠሩም፣ እኔም ሥሩ ብዬ አልጠይቅም። የበልግ ዝናብ ደግሞ መጋቢት ላይ ይጀምራል። ኖራው ሳይጠና ዝናብ ካገኘው ታጥቦ ይሄዳል። ከዒድ በኋላ በሳምንቱ የሹዋሊድ በዓል ነው፤ እማማ ኑሪያ ከጅቡቲም ከአዲስም እንግዳ አለባቸው፣ ግቢው ውስጥ የተቆፈረ ጉድጓድና የድንጋይ ክምር ማየት አይፈልጉም። ስለዚህ መውረጃውና ሲሚንቶ ማንሳቱ ከረመዳን በፊት ማለቅ አለበት። የኖራው ሥራ ቀስ ብሎ በረመዳን ጠዋቶች ይሠራል፤ ፀሐይ ሳይከር መሥራቱ ለኖራውም ጥሩ ነው ብለዋል ኢንጂነሩ፣ ቶሎ ከደረቀ ይሰነጠቃል።

አሸዋና ድንጋይ ስታዝዢ መኪናው ቤቱ ድረስ እንደማይገባ ለሻጩ ንገሪው። ቡዳ በር ውጭ ያራግፋል፣ ከዚያ በአህያ ነው። የአህያው ሂሳብ በመጀመሪያው ዋጋ ውስጥ አለ፣ «የጉልበት ሥራ» በሚለው ሥር፤ ለብቻው እንዳይጠየቅ። እዚያ በር ላይ ጠዋት የገበያ ሰው ይበዛል፣ ከሰዓት በኋላ ቢያራግፉ ይሻላል።

ከዚህ በፊት የላክኋቸው የግድግዳው ፎቶዎች ሄኖክ ጋ ቀርተው ከሆነ ንገሪኝ፣ እንደገና እልካለሁ። ድምፅ መልእክቶቹን ግን ረምዚ አጥፍቷቸዋል፣ ስልኩ ሞልቶበት፤ ስለዚህ እዚህ ያልጻፍኩት ነገር ከገጠመሽ «ምን ማለት ነበር» ብለሽ ጠይቂኝ፣ አትገምቺ።

አሁን ካንቺ የምፈልገው የ156,500 ብሩን ውል ከቅድሚያ ክፍያው ጋር አስተካክለሽ፣ ኢንጂነሩ አይተውት፣ እስከ ሐሙስ ብትልኪልኝ ነው። ረምዚ ቅዳሜ ጠዋት ከድሬ በሚኒባስ ይወጣል፣ ሦስት ሰዓት ላይ ቤቱ ይደርሳል፤ እዚያው ይፈርማል። እኔ ሥራ ላይ ነኝ፣ ከአሥራ አንድ ሰዓት በኋላ ደውይልኝ።

ሶፊያ
ድሬዳዋ፣ ሳቢያን
ጥር 18 ቀን 2018 ዓ.ም.