ሁለት ድንጋይና አንድ ካሴት

ጋሽ እንድሪስ ስኳር ሲመዝኑ ያንጎራጉራሉ። ግጥም የለውም፤ በአፍንጫ ነው። ሚዛኑ ሲረጋ ዜማውም ይረጋል። ደሴ አራዳ ላይ ሱቃቸው ከእኔ ፎቶ ኮፒ ቤት ጋር በአንድ ግድግዳ ስለሚዋሰን፣ ይሄን ዜማ ከገዛ ስልኬ ጥሪ በላይ አውቀዋለሁ። የማን እንደሆነ ግን ጠይቄያቸው አላውቅም። ጎረቤትን እንዲህ ያለ ነገር ማን ይጠይቃል?

ጥፋቱ የአይጥ ነው። አንድ ጠዋት ጦሳ በጉም ተሸፍኖ፣ ገበያው ገና ሳይሞቅ፣ ጋሽ እንድሪስ ጠሩኝ።

«ሀብቴ፣ ና እስቲ ይቺን መደርደሪያ ያዝልኝ። አይጧ ወልዳብኛለች።»

መደርደሪያውን ከግድግዳ አላቀቅነው። አይጧ የለችም። የተገኘው የተበላ ካርቶን፣ አንድ የሕፃን ጫማ፣ የደረቀ ሎሚና አንድ ካሴት ነው። በ2014 ሱቁ ሲዘረፍ ሚዛኑ ሳይቀር ተወስዷል። ይቺ ካሴት ግን ከመደርደሪያው ኋላ ተሸጉጣ አልፋለች። ወረቀቷን አይጥ በልቶታል። የተረፈው «የ» የምትል ፊደል ብቻ ናት።

ጋሽ እንድሪስ በኩታቸው ጫፍ አበሷት። አየር ላይ አንስተው አገላበጧት።

«ይቺ ናት» አሉ።

«ምኗ?»

«ይቺ የማንጎራጉራት። ስሟ ማን ነበር ግን?»

ያን ቀን ስኳር ሲመዝኑ ዝም አሉ። በነጋታውም እንደዚያው። በሦስተኛው ቀን ከሱቄ በር ላይ ቆመው፣ «ከ35 ዓመት በላይ ሳንጎራጉረው ኖሬ ስሙን ሳላውቅ ልሙት እንዴ?» አሉኝ። እንግዲህ ምን ይባላል? ካሴቷን ይዤ ወጣሁ።

ዛሬ ካሴት ማጫወቻ ማግኘት ካሴት ከማግኘት ይከፋል። ከአራዳ ዝቅ ብሎ ራዲዮ የሚጠግን ልጅ አለ። አንድ አሮጌ ቴፕ ከጣውላ ስር አወጣልኝ። ሲከፍተው ሞተሩን ከማዞሪያው የሚያገናኘው ቀበቶ ቀልጦ እንደ ማስቲካ ተጣብቋል። በጥፍሩ ፋቀና የብር ማሰሪያ ላስቲክ ገጠመበት። ካሴቷም ራሷ ታማ ነበር። ክሯን ጭንቅላቱ ላይ የሚጫናት ትንሽ ስፖንጅ ወድቋል፤ ክሯም መሀል ላይ ተበጥሷል። አምስቱን ብሎን ፈታን። የተበጠሰውን ጫፍና ጫፍ አገናኝተን፣ ጀርባውን በስኮች አያይዘን፣ ትርፉን በምላጭ ቆረጥን። ስፖንጁን ከሌላ ካሴት ወሰድን። ከዚያ በእርሳስ አጠነጠንን። ያን እርሳስ ሳሽከረክር የልጅነቴ እሑድ ሁሉ ትዝ አለኝ፤ እሱን ሌላ ጊዜ።

ቴፑን ይዤላቸው መጣሁ። ተጫነ። መጀመሪያ ሽሽሽ አለ። ቀጥሎ ዱም፣ ዱም የሚል ከበሮ። ከዚያ ወፍራም፣ የሚጎተት የወንድ ድምፅ።

ሐይቅ ዳር ተቀምጬ ውሃ ጠማኝ እኔ፣
አጠገቤ ሆኖ የራቀኝ ወገኔ።

ጋሽ እንድሪስ ፊታቸውን ኮሶ እንደጠጣ ሰው አጠቆሩ። «ዜማው እሱ ነው። ድምፁ ግን እንዲህ አይወፍርም ነበር።»

«ጊዜው ርቆ ይሆናል ጋሼ» አልኩ። ሰው ሲያረጅ ትዝታውም ይሳሳታል ብዬ ነው። ዛሬ ሳስበው አፍራለሁ።

ፍለጋው ተጀመረ። የእህቴ ልጅ ሻዛም ከፍታ ስልኳን ቴፑ አፍ ላይ ደቀነች። ዞረ፣ ዞረና «አልተገኘም» አለ። ሦስት ጊዜ ሞከረች፤ ያው ነው። የካሴት ንግድ በነበረበት ዘመን ሱቅ የነበራቸው አንድ ሰው ሰምተው «ይሄ ያገር ቤት ነው፣ ከእኔ ዘንድ አልተሸጠም» አሉ። ሱቁ ውስጥ ሻይ የሚጠጣው ሁሉ ዘፋኝ ይጠራ ጀመር። አንዱ የአንዱን ስም ሲጠራ ሌላው «ወግድ! እሱ እንዲህ አይልም» ይላል። የመንደሩ ሰው ለሳምንት የዋጋ ንረት ረስቶ ስለ ዘፈን ተጣላ። ለደሴ ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም።

መጨረሻ ላይ ጋሽ ተሾመ ዘንድ ሄድን። በደርግ ጊዜ በኪነት ቡድን መሲንቆ ይጫወቱ ነበር። ዓይናቸው ደክሟል፤ ጆሯቸው ግን አልደከመም። ገና አንድ ስንኝ ሳያልቅ እጃቸውን አነሱ።

«ባቲ ነው።»

«እንድያ! ርእሱ ባቲ ነው?» አሉ ጋሽ እንድሪስ።

«ቅኝቱ ነው ባቲ።»

«ቅኝቱን አይደለም የጠየቅሁህ። ስሙን ነው።»

«አንተ እንድሪስ፣ ሰኞ ሰኞ ገበያ የምትወርድበት አገርም ባቲ ነው፤ ቅኝቱም ባቲ ነው፤ የሚዘፍነው ሰው ደግሞ ዘፈኑንም ባቲ ይለዋል። አምባሰልም እንደዚያው ነው። ያገር ነው፣ የቅኝት ነው፣ የዘፈን ነው። ትዝታን ያልዘፈነ ማን አለ? ርእሱ ግን ለሁሉም ትዝታ ነው። ስንኙን እያንዳንዱ ከራሱ ሆድ ያወጣል። ርእስ የመጣው ከካሴት ወረቀት ጋር ነው፤ ወረቀት ላይ መጻፍ ስላለበት።»

ጋሽ እንድሪስ ይሄ አላጠገባቸውም። እኔም ብሆን አልጠግብም ነበር። ግን ጋሽ ተሾመ አልጨረሱም። ጆሯቸውን ወደ ቴፑ አስጠጉ። ዘፋኙ መሀል ላይ አንድ ሳል ሳለ።

«ይሄ ሳል የሰው ነው የበሬ?» አሉ።

ሳቅን።

«አትሳቁ። ሰው እንዲህ አይስልም። ትንፋሹም እንዲህ አይረዝምም። ቴፓችሁ ነው የሚያነክሰው። ሲያዘግም ድምፅ ይወፍራል። ቅኝቱ አይለወጥም፤ ከድምፅ ድምፅ ያለው ርቀት ያው ነዋ። ሰውየው ግን ይለወጣል።»

ላስቲኩ ነው። የብር ማሰሪያ ላስቲክ! ከጋሽ እንድሪስ ጋር ወደ ጠጋኙ ተመለስን። ልጁ ከሌላ የሞተ ቴፕ ደህና ቀበቶ ፈልጎ ገጠመ። እዚያው ጫንኩት።

ሴት ናት። የጠና ዕድሜ ያላት፣ ቀጭን፣ ጫፉ ላይ ትንሽ የሚሰነጠቅ ድምፅ። ከበሮ ያልነው ከበሮ አይደለም። ሙቀጫ ነው። ቡና እየወቀጠች ነው የምታንጎራጉረው፤ ዘነዘናው ሲያርፍ ስንኙ ያርፋል። ዶሮ ይጮሃል። ትስላለች። መጨረሻ ላይ፣ ቀድሞ ጉርምርምታ የመሰለን ነገር ጥርት ብሎ ተሰማ።

«በል ይበቃሃል። ውሃው ፈላብኝ።»

ቀጭ። አለቀ።

ጋሽ እንድሪስ ሁለት ጊዜ አሰሙኝ አሉ። ከዚያ ቴፑን ራሳቸው አጠፉት።

«ይሄ ዘፈን አይደለም» አሉ። «የሰው ቤት ነው።»

የሰው ቤት ከእሳቸው መደርደሪያ ኋላ ምን ይሠራል? አላወቁም። እኔም አላወቅሁም። ነገሩ እዚያ ላይ ቆመ፤ ወር አለፈው።

ሻዕባን ገባ። ጋሽ እንድሪስ በየዓመቱ ሮመዳን ከመግባቱ በፊት አንድ ሥራ አላቸው። የዱቤ ደብተሮቻቸውን ከማዳበሪያ ከረጢት ያወጣሉ። ሁሉንም፤ ከጥንት ጀምሮ ያለውን። ሱቁ ሲዘረፍ የተረፈ ዕቃ ቢኖር እነዚህ ደብተሮች ናቸው፤ የሌላ ሰው ዕዳ ማን ይዘርፋል? በርጩማ ላይ ቁጭ ብለው ስም በስም ያነባሉ። የሞተ ሲያገኙ «አውፍ ብያለሁ» ይሉና በቀይ እስክሪብቶ ይሰርዛሉ። ሰውየው አኼራ ላይ በአንድ ሳሙና እንዳይያዝባቸው ነው። ደጋግሜ አይቻለሁ። አንዳንዴ የሟቹን ስም ካነበቡ በኋላ ጥቂት ይስቃሉ፤ ምን እንዳስታወሱ አይናገሩም።

ከግድግዳው ወዲያ ድምፃቸው ተሰማኝ።

«ያ አላህ! ሀብቴ! ሀብቴ ና!»

የ1979 ደብተር ጉልበታቸው ላይ ተዘርግቷል። ጣታቸው አንድ መስመር ላይ ነው። የራሳቸው የወጣትነት ጽሕፈት፣ ቀለሙ ወደ ቡኒ ሄዷል። እንዲህ ይላል፦

ከድር፣ ተማሪ። ድንጋይ 2፣ ክብሪት 1። መያዣ ካሴት፣ የእናቱ ድምፅ። አደራ።

«የባትሪ ድንጋይ ነው» አሉ ቀስ ብለው። «አሁን መጣልኝ። ከሲታ ልጅ ነው። እዚህ ተከራይቶ ይማር ነበር። አገሬ ሌሊት እሄዳለሁ፣ እናቴ ታማለች አለኝ። ገንዘብ የለውም። በነፃ ውሰድ ብለው እንቢ አለ፤ ኩሩ ነው። ካሴቷን ከኪሱ አውጥቶ አስቀመጠልኝ። ስመለስ እወስዳታለሁ አለ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ያኔ ቴፕ ነበረኝ። ማታ ማታ ስዘጋ እጭናት ነበር። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን… ቴፑ እስኪበላሽ። ከዚያ ረሳሁት። ዜማው ብቻ አፌ ላይ ቀረ። የራሴ መሰለኝ።»

ቀዩን እስክሪብቶ ላነሳላቸው እጄን ዘረጋሁ። «ይሰርዙለታ ጋሼ። አውፍ ይበሉት።»

«ምኑን ነው አውፍ የምለው?» ቀና ብለው አዩኝ። «ባለዕዳው እሱ መሰለህ? የሰው አማና ነው እኮ በልቼ የኖርኩት። የእናቱን ድምፅ! ስኳር እየመዘንኩበት!»

ምንም አልመለስኩም። ዓይናቸው አቅርሯል፤ ወደ ውጭ ወደ ዝናቡ ዞር አልኩ።

ማታ ሲዘጉ መጡ። እኔ ወደ ስልኬ ገልብጬው ስለነበር ስለሱ ነው የመጡት።

«ስልክህ ላይ ያለው አለ?»

«አለ። ላጥፋው?»

ረጅም ዝም አሉ። መዝጊያቸውን በአንድ እጃቸው እንደያዙ ነው። «አይ። ይቆይ» አሉ። «ካሴት ይበጠሳል። ግን እንዳታሰማ። ከድር ቢመጣ ወይ ልጁ ቢመጣ፣ ለሱ።»

ከድርን ጠየቅን። የተከራየበት ግቢ ፈርሶ ፎቅ ሆኗል። አከራዩዋ ከሞቱ ቆይተዋል። ተመልሶ ያልመጣበትን ምክንያት የሚያውቅ አላገኘንም፤ በዚያ ዘመን ወሎ ላይ ያለመመለስ ምክንያት ብዙ ነው።

አሁን ካሴቷ በላስቲክ ተጠቅልላ ከሚዛኑ በላይ ሚስማር ላይ ተሰቅላለች። ስሯ የካርቶን ቁራጭ አለ። ጽሑፉን እኔ በኮምፒውተር አምሮ ላትመው ብዬ ነበር፤ እንቢ ብለው በእጃቸው ጻፉት፦

የከድር እናት። ባለቤቱ መጥቶ ይውሰድ። ዕዳ የለበትም።

ስኳር ሲመዝኑ ዛሬም ከግድግዳው ወዲህ ሆኜ አዳምጣለሁ። ሚዛኑ ብቻ ነው የሚሰማው።