የጀነሬተር ጥገና ጨረታ፦ ነጥባችን የተራራቀባቸው ቦታዎች (ከነገው ስብሰባ በፊት እዩት)

ሰላም ለሁላችሁም፣ የአራታችሁንም ስኮር ሺት አንድ ኤክሴል ላይ ገልብጬ ጎን ለጎን አስቀምጫቸዋለሁ፣ ስም የለውም፣ ገምጋሚ 1 እስከ 4 ነው ያልኩት፣ የራሳችሁን ነጥብ ስታዩ ማን ማን እንደሆነ ታውቁታላችሁ። ልዩነቱን ያወጣሁት በዚች ፎርሙላ ነው፦

```
=MAX(B2:E2)-MIN(B2:E2)
```

መጀመሪያ ስንቀመጥ የተስማማነው ልዩነቱ ከመስፈርቱ ሙሉ ነጥብ 20 በመቶ ካለፈ እንወያይበታለን ብለን ነው፣ ማለትም ከ30 ለሚያዘው ከ6 በላይ፣ ከ25 ለሚያዘው ከ5 በላይ፣ ከ15ቱ ደግሞ ከ3 በላይ። ከ12ቱ መስመሮች ያለፉት እነዚህ 4ቱ ናቸው፦

| ተጫራች እና መስፈርት | ገ1 | ገ2 | ገ3 | ገ4 | ልዩነት |
|---|---|---|---|---|---|
| ለ፣ ተመሳሳይ ስራ ልምድ (30) | 25 | 9 | 24 | 22 | 16 |
| ሐ፣ የስራ አቀራረብ (30) | 27 | 18 | 12 | 20 | 15 |
| ሐ፣ የባለሙያ ብቃት (25) | 15 | 16 | 22 | 15 | 7 |
| ሐ፣ የጥሪ ምላሽ ጊዜ (15) | 13 | 12 | 13 | 5 | 8 |

ተጫራች ሀ ላይ የሚያከራክር ነገር የለም፣ አማካዩ 81.25 ነው፣ እሱን እንለፈው።

ተጫራች ለ ግን ቀላል አይደለም። አማካዩ 69 ነው፣ ማለፊያው 70፣ ስለዚህ አሁን ባለው ወድቋል፣ የጣለችው ደግሞ ያቺ 9 ናት፣ 13 ብትሆን ኖሮ ልክ 70 ይመጣ ነበር። ገምጋሚ 2 ማስታወሻቸው ላይ «ሁለቱ ስራዎች በንዑስ ተቋራጭነት የተሰሩ ናቸው» ብለው ፅፈዋል፣ ሰነዱን ከፍቼ አየሁት፣ እውነትም ካያያዙት ሶስት የመልካም ስራ አፈፃፀም ደብዳቤ ሁለቱ እንደዛ ናቸው። የጨረታ ሰነዳችን ግን «ተመሳሳይ ስራ ያጠናቀቀ» ነው የሚለው፣ ዋና ተቋራጭ መሆን አለበት አይልም። ስለዚህ ነገ የምንነጋገረው 9 ወይስ 25 በሚለው ላይ ሳይሆን ንዑስ ተቋራጭነት ይቆጠራል አይቆጠርም በሚለው ላይ ነው፣ የተስማማንበት ደግሞ ለሶስቱም ተጫራቾች እኩል ነው የሚሰራው፣ የሀ እና የሐ ደብዳቤዎችም በዛው ዓይን እንደገና ይታያሉ።

ተጫራች ሐ ላይ ድምር ብቻ ያየ ሰው ይሸወዳል። ገምጋሚ 2 እና 3 ሁለቱም በድምር 68 ነው የሰጡት፣ ተስማምተዋል ያስብላል፣ ውስጡ ሲገባ ግን አንዱ አቀራረቡን 18 ባለሙያውን 16 ብሏል፣ ሌላው 12 እና 22። የድምር ልዩነትን ብቻ ብናይ ኖሮ ይሄ በጭራሽ አይታየንም ነበር።

አቀራረቡ ላይ የተነጠለ ሰው የለም፣ አራቱም ተበታትነዋል፣ እኔ እንደሚመስለኝ ችግሩ ከሰው ሳይሆን ከመስፈርቱ ነው፣ «እስከ 30» ብሎ ትቶታል፣ ምን ሲሟላ ስንት እንደሚያሰጥ አይናገርም። ሰነዱ ላይ ያልነበረ አዲስ ንዑስ መስፈርት አሁን መጨመር አንችልም፣ ግን ሰነዱ የጠየቃቸውን ነገሮች (የጥገና ፕሮግራም፣ የመለዋወጫ አቅርቦት፣ የሪፖርት አሰራር) አንድ በአንድ አንብበን ተጫራቹ የቱን መለሰ የቱን ዘለለ ማለት እንችላለን። ባለሙያ ላይ ገምጋሚ 3 ብቻ ነው ከፍ ያለው፣ የዋናው ቴክኒሽያን ሲቪ ላይ የብቃት ሰርተፍኬት አልተያያዘም፣ ሌሎቹ ለዛ ቀንሰዋል፣ ምናልባት እሳቸው የሌሎቹን ቴክኒሽያኖች ብዛት አይተው ይሆናል፣ ያስረዱናል።

የምላሽ ጊዜው ላይ ደግሞ ተቃራኒ ነው፣ ብቻቸውን የቀሩት ገምጋሚ 4 ትክክል ሳይሆኑ አይቀሩም። እኛ የጠየቅነው በማንኛውም ቀንና ሰዓት በ4 ሰዓት ውስጥ እንዲደርሱ ነው፣ ተጫራቹ 4 ሰዓት ብሎ ከሰንጠረዡ ስር በትንሽ ፅሁፍ «በበዓልና በእረፍት ቀን በሚቀጥለው የስራ ቀን» ብሏል። ሶስታችሁ አይታችሁት እንደሆነ አላውቅም፣ ነገ ገፁን ይዤ እመጣለሁ።

ሐም አማካዩ 69.5 ነው፣ ሁለቱም ማለፊያው አፍ ላይ ነው ያሉት፣ ስለዚህ እባካችሁ «መሀል ላይ እንገናኝ» የሚባል ነገር አይኑር፣ ማስረጃ አይቶ ያሳመነው ይቀይራል፣ ያላሳመነው ባለበት ይቆያል፣ ምክንያቱን ግን ይፃፍ። የመጀመሪያው ሺት ላይ መሰረዝም መደለዝም የለም፣ የቀየረ በአዲስ ሺት ምክንያቱን ፅፎ ይፈርማል፣ ሁለቱም ከቃለ ጉባኤው ጋር ይያያዛሉ። የፋይናንሻል ፖስታዎቹ እስከዛ እንደታሸጉ ናቸው።

አንዲት ትንሽ ነገር፣ የገምጋሚ 1 ሺት ላይ የተጫራች ሐ ድምር 77 ተብሏል፣ ሲደመር ግን 78 ነው የሚመጣው፣ እኔ የተጠቀምኩት 78ን ነው፣ ነገ ማስተካከያው ላይ ይፈረምበት።