ከላክሽው ወርክሺት፦ ጥያቄ 4፣ 7 እና 9

ፎቶው ጥሩ ነው። 9ኛው ላይ ብቻ ወረቀቱ የታጠፈበት መስመር አርቢውን አቋርጦታል።

ጥያቄ 4፦

```
16^(-3/4)
```

አርቢው ሦስት ነገር ነው የሚያዝሽ። ታህቱ 4 «አራተኛ ሩት አውጪ»፣ ላዕሉ 3 «ወደ 3 ፓወር አሳድጊ»፣ ኔጌቲቩ ደግሞ «ገልብጪ» ይላል። የ16 አራተኛ ሩት 2፣ 2^3 = 8፣ ሲገለበጥ 1/8። ከፓወሩ ብትጀምሪም ስህተት አይደለም፤ ግን የ4096ን አራተኛ ሩት ስትፈልጊ ትውያለሽ። አንቺ -8 ብለሻል። ኔጌቲቭ አርቢ ቁጥሩን ይገለብጣል እንጂ ኔጌቲቭ አያደርገውም።

ጥያቄ 7፦

```
( 27x^6 / (8y^-3) )^(-2/3)
```

የውጪውን ኔጌቲቭ መጀመሪያ አስወግጂ፤ ክፍልፋዩ ሲገለበጥ አርቢው 2/3 ይሆናል። ውስጥ ያለውን y^-3 ገና አትንኪው።

```
( 8y^-3 / (27x^6) )^(2/3)
= ( 2y^-1 / (3x^2) )^2
= 4y^-2 / (9x^4)
= 4 / (9x^4 y^2)
```

ከ27 አጠገብ በእርሳስ 18 ጽፈሻል። 27 × 2/3 ማለትሽ ነው፤ አቦ፣ ይቺ ብዙ ሰው ትጥላለች! 2/3 ከ27 ጋር አይባዛም። የሚባዛው ከአርቢ ጋር ነው፦ የx 6 × 2/3 = 4 ይሆናል፤ 27 ግን ኪዩብ ሩቱ 3 ወጥቶ 3^2 = 9 ይሆናል።

ከመልስሽ ቁጥሮቹንና የyን አርቢ በቁጥር ፈትሺ። x = 1፣ y = 2 አድርጊ፦ 8y^-3 = 1 ስለሚሆን ጥያቄው 27^(-2/3) = 1/9፤ መልሱም 4/(9 × 4) = 1/9። ለy 1 አትስጪ፤ 1 በየትኛውም ፓወር 1 ስለሆነ የy አርቢ ቢበላሽም አይነግርሽም።

ጥያቄ 9፦

```
x^(1/2) · x^(-2/3) / x^(-5/6)
```

ሲባዛ አርቢ ይደመራል፣ ሲካፈል ይቀነሳል። በ6 አንድ እናድርጋቸው፦

```
3/6 - 4/6 - (-5/6) = 4/6 = 2/3
```

ስለዚህ x^(2/3)። ይህ ግን እጥፋቱ ላይ ከ5/6 በፊት ያለችው ጭረት የመቀነስ ምልክት ከሆነች ነው። የእጥፋት ጥላ ከሆነች አርቢው 5/6 ነው፤ 3/6 - 4/6 - 5/6 = -1 ይሆንና መልሱ 1/x ይወጣል። ምርጫዎቹ ውስጥ x^(2/3) አለ፣ 1/x የለም፤ ስለዚህ ወደ መጀመሪያው አደላለሁ። ቢሆንም በምርጫ መገመት አልወድም። ነገ ጠዋት ፀሐዩ ሳይበረታ ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተሽ ያቺን መስመር ብቻ ከቅርብ አንሺልኝ፤ በድሬ ቀትር በረንዳ ላይ ካነሳሽው ነጸብራቁ ትንንሾቹን ቁጥሮች ያጠፋቸዋል።