የውሃ ዑደት፦ ከደሴ ተራሮች እስከ ባሕር

የ4ኛ ክፍል ምንባብ

ተማሪዎች፣ የሚከተለውን ምንባብ በጥሞና አንብቡ፤ ከዚያም ከምንባቡ በታች የቀረቡትን አምስት ጥያቄዎች በደብተራችሁ ላይ በሙሉ ዓረፍተ ነገር መልሱ።

በክረምት ወራት፣ በተለይም በሐምሌና በነሐሴ፣ በደሴ ከተማና በዙሪያዋ በሚገኙ ተራሮች ላይ ብዙ ዝናብ ይዘንባል። የጦሳ ተራራ በጉም ይሸፈናል፤ በበጋ ደርቀው የነበሩ ጅረቶች ይሞላሉ፤ የቦርከና ወንዝም ደፍርሶ ይወርዳል። ይህ ሁሉ ውሃ ከየት መጣ? ዘንቦ ካበቃ በኋላስ ወዴት ይሄዳል? ዝናቡ በየዓመቱ አዲስ እየተፈጠረ የሚመጣ ውሃ አይደለም። በምድራችን ላይ ያለው ውሃ ከምድር ወደ ሰማይ ይወጣል፤ ከሰማይም ተመልሶ ወደ ምድር ይወርዳል። ይህ የማያቋርጥ የውሃ ጉዞ የውሃ ዑደት ይባላል።

ጉዞውን የምታስጀምረው ፀሐይ ናት። ፀሐይ ባሕርን፣ ሐይቅን፣ ወንዝንና እርጥብ መሬትን ስታሞቅ፣ ከላይ ያለው ውሃ ጥቂት በጥቂት ወደ ተን እየተለወጠ ከአየር ጋር ይቀላቀላል። ይህ ለውጥ ትነት ይባላል። ውሃ እንዲተን የግድ መፍላት የለበትም፤ ታጥቦ የተሰጣ ነጠላ እሳት ሳይነካው የሚደርቀው በውስጡ ያለው ውሃ ስለሚተን ነው። ከደሴ በስተሰሜን ከሚገኙት ከሐይቅና ከአርዲቦ ሐይቆችም በየቀኑ ውሃ ይተናል። ዕፅዋትም የራሳቸውን ድርሻ ያበረክታሉ፤ የማሽላም ሆነ የጤፍ ተክል በሥሩ የሳበውን ውሃ በቅጠሎቹ ላይ ባሉ እጅግ ጥቃቅን ቀዳዳዎች በኩል በተን መልክ ወደ አየር ይለቃል።

ከሁሉም የሚበልጠው ተን ግን የሚነሣው ከውቅያኖሶችና ከባሕሮች ነው። በዓለም ላይ ያለው ውሃ በ100 እኩል ክፍሎች ቢከፈል፣ ወደ 97 የሚሆነው ክፍል ጨዋማ የባሕርና የውቅያኖስ ውሃ ነው። ታዲያ ዝናብ ለምን ጨዋማ አልሆነም? ውሃው ሲተን ጨው አብሮት ስለማይተን ነው። ጨው በባሕሩ ውስጥ ይቀራል፤ ወደ ላይ የሚወጣው ንጹሕ የውሃ ተን ብቻ ነው። ነፋስም ይህን ተን ከሩቅ ባሕር ተሸክሞ እስከ ወሎ ተራሮች ድረስ ያመጣዋል።

የውሃ ተን በዓይን አይታይም። ብዙ ሰዎች ከጀበና አፍ በላይ የሚታየውን ነጭ ነገር ተን ነው ብለው ያስባሉ፤ ነገር ግን እሱ ቀዝቅዞ እንደገና ወደ ደቃቅ የውሃ ጠብታዎች የተለወጠ ተን ነው። ደመናም የሚሠራው በተመሳሳይ መንገድ ነው። አየር ወደ ላይ ከፍ ባለ ቁጥር ይቀዘቅዛል፤ ለዚህም ነው በከፍታ ላይ ያለችው ደሴ ከእርሷ ዝቅ ብላ ከምትገኘው ከኮምቦልቻ ይልቅ የምትበርደው። ተን ያዘለ አየር ወደ ተራራ ተገፍቶ ሲወጣ ይቀዘቅዛል፤ ተኑም በአየር ላይ በሚንሳፈፉ ደቃቅ የአቧራ ቅንጣቶች ዙሪያ ተሰብስቦ ጠብታ ይሆናል። እነዚህ ጠብታዎች እጅግ ብዙ ሆነው በሰማይ ላይ ሲታዩ ደመና እንላቸዋለን፤ ወደ መሬት ተጠግተው ሲታዩ ደግሞ ጉም ይባላሉ። ጠዋት በጉም ውስጥ የሚሄድ ተማሪ በእርግጥም በደመና ውስጥ እየሄደ ነው።

ጠብታዎቹ እርስ በርሳቸው እየተጋጩና እየተቀላቀሉ ሲያድጉ፣ አየር ሊሸከማቸው ስለማይችል በዝናብ መልክ ይወርዳሉ። በደመናው ውስጥ ያለው ቅዝቃዜ ከበረታ ደግሞ በረዶ ሆነው ይወርዳሉ።

በወሎ የውሃ ጉዞ ከሁሉ የሚያስደንቀው ከዚህ በኋላ ያለው ነው። በደሴ አካባቢ ያሉት ተራሮች ውሃውን በሁለት አቅጣጫ ይከፍሉታል። በምሥራቅ በኩል የወረደው ውሃ ወደ ቦርከና ይገባል፤ ቦርከናም ከሌሎች ወንዞች ጋር ተቀላቅሎ ወደ አዋሽ ይሄዳል። በምዕራብ በኩል የወረደው ወደ በሽሎ ወንዝ፣ ከበሽሎም ወደ ዓባይ ይገባል፤ በሱዳንና በግብፅ አልፎም ሜዲትራኒያን ባሕር ይደርሳል። አዋሽ ግን ባሕር ሳይደርስ፣ በኢትዮጵያና በጅቡቲ ድንበር ላይ በሚገኘው በሞቃቱ የአቤ ሐይቅ ያበቃል። ከአቤ ሐይቅ ወደ ሌላ ቦታ የሚፈስ ወንዝ የለም፤ ውሃው ከዚያው ተንኖ ወደ ሰማይ ይመለሳል፤ ወንዙ ይዞት የመጣው ጨው ግን እየተጠራቀመ ስለሚሄድ ሐይቁ ጨዋማ ሆኗል። ስለዚህ በአንድ ቀን፣ ከአንድ ደመና፣ በአንድ ተራራ ጫፍ ላይ ጎን ለጎን የወደቁ ሁለት ጠብታዎች አንዱ ወደ ባሕር፣ ሌላው ወደ በረሃ ሐይቅ ሊሄዱ ይችላሉ። ሁለቱም ግን በመጨረሻ ተን ይሆናሉ።

የዘነበው ውሃ ሁሉ ወዲያውኑ ወደ ወንዝ አይሄድም። ከፊሉ ወደ አፈር ሰርጎ ይገባና በአለቶች ስንጥቆች መካከል ይጠራቀማል፤ ይህም የከርሰ ምድር ውሃ ይባላል። የከርሰ ምድር ውሃ በጣም በዝግታ ይጓዛል፤ ለዚህም ነው ዝናብ ካቆመ ከብዙ ወራት በኋላ፣ በጥርና በየካቲት እንኳ፣ ከተራራ ሥር ያሉ ምንጮች ሳይደርቁ የሚፈልቁት። ዛፍ በሌለበት ገደላማ መሬት ላይ ግን ውሃው ለመስረግ ጊዜ ስለማያገኝ ጎርፍ ሆኖ አፈሩን ጠርጎ ይወርዳል። የወሎ ገበሬዎች በተራሮቹ ጎን ላይ እርከን የሚሠሩት የውሃውን ሩጫ ለመግታት ነው፤ እርከኑ ጎርፉን ሲያዘገየው አፈሩ በቦታው ይቆያል፤ ውሃውም ወደ መሬት ይሰርጋል፤ ከታች ያለው ምንጭም ይጎለብታል።

ጥያቄዎች

1. ትነት ምንድን ነው? ውሃ ሳይፈላ እንደሚተን የሚያሳይ አንድ ምሳሌ ከምንባቡ፣ ሌላ አንድ ምሳሌ ደግሞ ከቤታችሁ ጻፉ።

2. አብዛኛው ተን የሚነሣው ከጨዋማ ውሃ ሆኖ ሳለ የዝናብ ውሃ ጨዋማ ያልሆነው ለምንድን ነው? የአቤ ሐይቅስ ለምን ጨዋማ ሆነ?

3. በደመናና በጉም መካከል ያለው ልዩነት ምንድን ነው? ሁለቱስ በምን ይመሳሰላሉ?

4. ከደሴ ተራሮች በምሥራቅና በምዕራብ በኩል የሚወርደው ውሃ የሚያልፍባቸውን ወንዞች በቅደም ተከተል ጻፉ፤ የእያንዳንዱ ጉዞ የት እንደሚያበቃም ግለጹ።

5. በሠፈራችሁ አቅራቢያ ያለ አንድ ምንጭ፣ ጅረት ወይም የጉድጓድ ውሃ ምረጡ። ውሃው በክረምትና በበጋ እንዴት እንደሚለያይ ወላጆቻችሁን ወይም በዕድሜ የገፉ ጎረቤቶቻችሁን ጠይቁ፤ ከዚያም የውሃ ዑደትን በሥዕል ሣሉና የመረጣችሁት ውሃ በዑደቱ ውስጥ ያለውን ቦታ በሥዕሉ ላይ አመልክቱ።