የአበልጅ ፌሮ፦ ለ4ኛ ዓመት ማኔጅመንት ተማሪዎች የቢዝነስ ኤቲክስ ኬዝ

ሐሙስ ክላስ ከመግባታችሁ በፊት ሁለቴ አንብቡት። ኬዙ ፈጠራ ነው፣ ግን ፕሮፎርማ ሰብስቦ ለሚያውቅ ሰው አዲስ አይሆንበትም።

አዲስ አበባ ውስጥ ባለ 8 ፎቅ ህንፃ የሚሰራ አንድ የግል ኮንትራክተር አለ። የግዢ ሰራተኛዋ 6 ዓመት ሰርታለች፣ ማስጠንቀቂያ አግኝታ አታውቅም። 200 ኩንታል ባለ 16 ፌሮ ግዢ ተባለችና እንደ ደንቡ ሶስት ፕሮፎርማ አመጣች፣ በኪሎ 151፣ 148 እና 144 ብር፣ ሁሉም ከቫት በፊት። ባለ 144ቱ አሸነፈ፣ የሱቁ ባለቤት ግን አበልጇ ነው፤ አሁን 9 ዓመት የሞላትን ሴት ልጁን ክርስትና ያነሳቻት እሷ ናት። መመሪያው የሚለው ሰራተኛ "የቅርብ ዘመዱ" ከሆነ አቅራቢ ሲገዛ አስቀድሞ ያሳውቅ ነው፣ የቅርብ ዘመድ ማን እንደሆነ አይልም። እሷም አላሳወቀችም።

በፋሲካ ቤቷ በግ ገብቷል። "እዚህ ሳልቀጠርም በየዓመቱ ይመጣ ነበር፣ እኔም ለልጅቷ ልብስ እገዛለሁ" ትላለች።

ነገሩን ያነሳው ስቶር ኪፐሩ ነው። የመኪና ሚዛኑ 19,760 ኪሎ ነው ያሳየው፣ እሱ ግን ሞልቶ እንደገባ አድርጎ ፈርሟል፣ "ሚዛኑ አንዳንዴ ያበላሻል ብዬ ነው" ይላል (ባለፈው ወር በዓመት ፈቃድ ምክንያት ከእሷ ጋር ተጣልተው እንደነበር ግቢው ሁሉ ያውቃል)። ሌላው፣ የ148ቱና የ151ዱ ፕሮፎርማ የእጅ ፅሁፍ አንድ ነው። እሷ አልካደችም፣ ባለሱቆቹ ማህተም መትተው ዋጋውን በቃል ነገሩኝ፣ የሞላሁት እኔ ነኝ አለች። ሱቆቹ ሲደወልላቸው ማህተሙ የኛ ነው፣ የዛን ሳምንት ዋጋ ግን አናስታውስም ብለዋል።

አሁን ፋይናንስ ኃላፊው ጠረጴዛ ላይ 300 ኩንታል አዲስ ግዢ አለ። አበልጅየው በኪሎ 2 ብር ቀንሶ እየመራ ነው፣ ፕሮፎርማው የሚያገለግለው 3 ቀን ብቻ ነው፣ አርማታ ሙሌቱ ደግሞ ፌሮውን እየጠበቀ ቆሟል።

መወያያ ጥያቄዎች (ሌባዋ ማናት ብላችሁ አትጀምሩ፣ ያ ክርክር አምና 40 ደቂቃ በልቶብናል)

1. አበልጅ የቅርብ ዘመድ ነው? መመሪያው ዝም ሲል ግዴታው የማን ነው፣ የሷ ወይስ መመሪያውን የፃፈው?

2. ድርጅቱ በኪሎ 4 ብር፣ በጠቅላላው 80,000 ብር አተረፈ የሚል ቡድን ካለ ያ ቁጥር ከየት እንደመጣ ያሳየን። የጎደለው 240 ኪሎ በ144 ብር 34,560 ብር ነው። የ148ቱ ዋጋ እውነት ካልሆነ ሂሳቡ ምን ይሆናል?

3. በጉን ብትመልሰው ምን ትርጉም ይሰጥ ነበር፣ ለቢሮው? ለአበልጇስ?

4. ስቶር ኪፐሩ ቂም ስላለው ጥቆማው ይቀላል? ፊርማውስ?

5. እናንተ ፋይናንስ ኃላፊው ናችሁ። በ3 ቀን ውስጥ የትኛውን አንድ ነገር ታጣራላችሁ፣ ያ ሳይጣራ ቀኑ ቢያልቅስ ትፈርማላችሁ?