የተጋላጭነት ዳሰሳ ሪፖርት፦ ለሥራ አመራር የቀረበ ማጠቃለያ

ለ፦ የቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበሩ ሥራ አመራር ኮሚቴ እና ዋና ሥራ አስኪያጅ
ከ፦ የዳሰሳ ቡድኑ
ቀን፦ ጥቅምት 21 ቀን 2018 ዓ.ም.

ዋናውን ነገር በቅድሚያ እንናገር። የማኅበሩ ዋና ሰርቨር ዛሬ ማታ ቢበላሽ ወይም መረጃ ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስ ቢገባበት፣ ነገ ጠዋት የትኛው አባል ስንት ብር እንዳለው የሚነግራችሁ የለም። ባክአፕ፣ ማለትም የመጠባበቂያ ቅጂ፣ አለ ተብሎ ይታመናል። እኛ ግን የሚሠራ ባክአፕ አላገኘንም። ይህን ማጠቃለያ እስከ መጨረሻው ለማንበብ ጊዜ ከሌላችሁ፣ ቢያንስ ይህን አንድ ነገር ይዛችሁ ወደ ስብሰባ ግቡ።

የሠራነው ሥራ

ከጥቅምት 3 እስከ 14 በዋናው መሥሪያ ቤትና በሦስቱ ቅርንጫፎች ያሉ 72 መሣሪያዎችን ፈትሸናል። ኮምፒውተሮች፣ ሰርቨሮች፣ ራውተሮችና ፕሪንተሮች ናቸው። ቤቱን ዞረን የትኛው በር እንዳልተቆለፈ አየን እንጂ ገብተን ዕቃ አላነሳንም። የአባላትን ሒሳብ አልከፈትንም፤ የማንንም ፓስወርድ አልሞከርንም።

የፍተሻ ሶፍትዌሩ 212 መስመር ችግር አውጥቶ ሰጠን። ቁጥሩ አያስደንግጣችሁ። ብዙው ድግግሞሽ ነው፤ የተሳሳተ ጥቆማም አለበት። ያንን አጥርተን፣ በዓይናችን ያየነውን ጨምረን 37 ግኝቶች ቀሩ። አራቱ አስቸኳይ፣ ዘጠኙ ከፍተኛ፣ ቀሪዎቹ 24 መካከለኛና ዝቅተኛ ናቸው።

ስለ ነጥብ አሰጣጡም አንድ ነገር ማወቅ አለባችሁ። ሶፍትዌሩ ለእያንዳንዱ ችግር ከ0 እስከ 10 ነጥብ ይሰጣል። ነጥቡ የሚለካው የችግሩን ክብደት እንጂ በማኅበሩ ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት አይደለም። ሰነድ ክፍል ያለ አንድ ፕሪንተር 9.8 ወጥቶለታል። ከኢንተርኔት ጋር ስለማይገናኝና የአባላት መረጃ ስለማያልፍበት ወደ ታች አወረድነው። ባክአፑ ደግሞ ምንም ነጥብ የለውም፤ ሶፍትዌሩ እሱን አያይምና። እኛ አንደኛ ያደረግነው እሱን ነው።

አራቱ አስቸኳይ ግኝቶች

አንደኛው ባክአፑ ነው። ሰርቨር ክፍል ውስጥ አንዲት ጥቁር ሃርድ ዲስክ ከሰርቨሩ ጋር እንደተሰካች አለች። ሰማያዊ መብራቷ ብልጭ ድርግም ይላል፤ ላየው ሰው ሥራ ላይ ያለች ትመስላለች። የአይቲ ባለሙያውን የመጨረሻውን ቅጂ እንዲከፍትልን ጠየቅነው። ፋይሉ ተገኘ፤ መጠኑ ግን ዜሮ ነው። ወደ ኋላ ብንሄድም ከሰኔ ወር ወዲህ ያሉት ሁሉ ባዶ ናቸው። ዲስኩ ሞልቶ ነበር። መሙላቱን የሚያሳውቅ መልእክት የሚደርሰው ደግሞ ሥራ በለቀቀ ሠራተኛ ኢሜይል ነው። ባለሙያውን መውቀስ ተገቢ አይደለም። ብቻውን አራት ቦታ ይሯሯጣል፤ ባክአፑን በየወሩ ከፍቶ እንዲያረጋግጥ ያዘዘውም የለም። ሌላም ችግር አለ፦ ዲስኳ ሁልጊዜ እንደተሰካች ስለሆነች ሰርቨሩን የሚቆልፍ ቫይረስ እሷንም አብሮ ይቆልፋታል።

ሁለተኛው ራሱ ሰርቨሩ ነው። የሚሠራበት ዊንዶውስ ሰርቨር 2012 አር2 ከመስከረም 29 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ነፃ የደህንነት ማሻሻያ አይወጣለትም። ከዚያ በፊት የወጡትም ቢሆኑ አልተጫኑም። ከቀሩት አንዱ MS17-010 የሚባለው የደህንነት ቀዳዳ መድፈኛ ነው። ማይክሮሶፍት ይህን ማሻሻያ ያወጣው መጋቢት 2009 ዓ.ም. ነበር። ከሁለት ወር በኋላ፣ ግንቦት 4፣ ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ በዚያው ቀዳዳ ገብቶ በብዙ አገሮች ኮምፒውተሮችን ቆለፈ። በእንግሊዝ ሆስፒታሎች ቀጠሮ ተሰረዘ፤ ሕመምተኞች ወደ ሌላ ቦታ ተላኩ። የእናንተ ሰርቨር ከስምንት ዓመት በኋላም ለዚያው ቀዳዳ ክፍት ነው። አንድ ሠራተኛ ቫይረስ ያለበት ፍላሽ ቢሰካ ይበቃል።

ሦስተኛው የአንዱ ቅርንጫፍ ራውተር ነው። የማይክሮቲክ ራውተር ሲሆን የአስተዳደር በሩ ለመላው ዓለም ክፍት ነው። የራውተሩ ሶፍትዌር 6.40 ነው፤ ይህ ደግሞ CVE-2018-14847 የተባለ ጉድለት አለበት። ጉድለቱ ማንም ሰው ከሩቅ ሆኖ የራውተሩን ፓስወርድ እንዲያነብ ያስችላል። መፍትሔው ከሚያዝያ 2010 ጀምሮ በነፃ ይገኛል። ማሻሻያውን መጫንና በሩን መዝጋት የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው፤ ብር አይጠይቅም።

አራተኛው የተጠቃሚ ስም ጉዳይ ነው። በሁለት ቅርንጫፎች ገንዘብ ከፋዮች በአንድ የጋራ ስም ይገባሉ፤ ፓስወርዱ ኪቦርድ ሥር ተለጥፏል። ሥራ የለቀቁ ዘጠኝ ሠራተኞችም መግቢያቸው አልተዘጋም። ነገ ገንዘብ ቢጎድል ማን እንዳወጣው መለየት አይቻልም። ይህ ሐቀኛዋን ከፋይ ጭምር ለጥርጣሬ ይዳርጋታል፤ እኛን ያሳሰበንም ይኸው ነው።

የቀሩት

ከ58 ኮምፒውተሮች 41ዱ ዊንዶውስ 10 ላይ ናቸው። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ያበቃው ጥቅምት 4፣ ሥራችንን በጀመርን በማግሥቱ ነው። ለዛሬ የሚያስጨንቅ አይደለም። የሚቀጥለው በጀት ግን ይህን ማካተት አለበት። ሌሎቹ ዝርዝራቸው በዋናው ሪፖርት ላይ አለ፤ ለአይቲ ክፍሉ መተው ይቻላል።

ጥሩ ነገርም አይተናል። በአንድ ቅርንጫፍ የጥገና ሰዎች ነን ብለን ስንገባ ገንዘብ ከፋይዋ «ከሥራ አስኪያጁ ሳይደወልልኝ ማሽኑን አላስነካም» አለችን። ትክክል ናት። በስብሰባ ላይ ብትመሰገን ደስ ይለናል።

ከእናንተ የሚጠበቁ ውሳኔዎች

በዚህ ሳምንት ሁለት ሃርድ ዲስክ እንዲገዛ ፍቀዱ። እየተፈራረቁ ይሥሩ፤ ሁልጊዜ አንዱ ከሰርቨሩ ተነቅሎ ሌላ ሕንፃ ውስጥ ካዝና ይቀመጥ። በየወሩ አንድ ቀን ባክአፑ ተከፍቶ ይረጋገጥ፤ ውጤቱም ለሥራ አስኪያጁ በጽሑፍ ይቅረብ። የራውተሩ በርና የዘጠኙ ሰዎች መግቢያም በዚሁ ሳምንት ይዘጋ።

በ30 ቀን ውስጥ የጎደሉት ማሻሻያዎች ሰርቨሩ ላይ ይጫኑ። ከዚህ በፊት ግን የሚሠራ ባክአፕ መኖር አለበት፤ ቅደም ተከተሉ እንዳይገለበጥ አደራ። እያንዳንዱ ከፋይ የራሱ መግቢያ ይኑረው። የሰርቨሩ መተካት ግዥ ስለሚጠይቅ ፕሮፎርማ መሰብሰብ ከአሁኑ ይጀመር፤ 90 ቀን ተገቢ ጊዜ ነው።

ለሥራው አንድ ባለቤት ሰይሙ። አይቲው ቴክኒኩን ይሠራል፤ መፈጸሙን የሚከታተል ግን ከአመራሩ አንድ ሰው ያስፈልጋል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሰዎችን መረጃ የሚይዝ ተቋም መረጃውን እንዲጠብቅ ያስገድዳል። የአባላቱ መታወቂያ፣ ስልክና ሒሳብ ያለው እናንተ ዘንድ ነው።

ዋናው ሪፖርት እያንዳንዱ ክፍት በር የት እንዳለ ይናገራል። ስለዚህ በቴሌግራም አትላላኩት። ሁለት የታተመ ቅጂ አስረክበናል፤ አንዱ ካዝና ይግባ፣ ሌላው ለአይቲ ኃላፊው ይሰጥ። ታኅሣሥ 6 ተመልሰን አራቱን አስቸኳይ ግኝቶች እንደገና እንፈትሻለን። በዚያ ቀን መጀመሪያ የምንጠይቀው ባክአፑን እፊታችን እንድትከፍቱት ነው።